ሾተላይና አንዲት ሰረዝ

ሽማግሌ የመጣ ዕለት ሬዲዮኑን ከፍ ያደረግኩት እኔ ነኝ። ማንም አላዘዘኝም።

እሁድ ነበር። የአዳማ ንፋስ የጣሪያውን ቆርቆሮ ያንኳኳል። ሳሎኑ ተጠርጎ ቄጤማ ተጎዝጉዟል። የእህቴ ልጅ ማሙሽ (የቤት ስሙ ነው) ጓዳ ፍራሽ ላይ ተኝቷል፤ በሩ ገርበብ ሳይሆን ግጥም ተደርጎ ተዘግቷል። ያኔ አራት ዓመቱ ነው። አይቀመጥም፣ አይናገርም። ድምፅ ግን አለው። ሲከፋውም ደስ ሲለውም ያው አንድ ረጅም፣ ቀጭን ድምፅ ነው የሚያወጣው፤ የቱ የቱ እንደሆነ የምታውቀው እናቱ ብቻ ናት። ሽማግሌዎቹ አቧራቸውን አራግፈው ገና ከመቀመጣቸው ያ ድምፅ መጣ። እጄ ወደ ሬዲዮኑ ሄደ።

«ልጅ አለ እንዴ?» አሉ አንደኛው።

«የጎረቤት ነው» አለች እማዬ።

እህቴ ቡና እያፈላች ነበር። ቀና አላለችም። ረከቦቱን እንደገና ወለወለችው።

እማዬ ክፉ ሴት አይደለችም። ማሙሽን አዝላ ያልሄደችበት ጸበል የለም። የፈራችው አንድ ቃል ነው፦ ዘር። «በዘራቸው አለ» ከተባለ የእኔ ነገር አበቃ። እኔም የፈራሁት ያንኑ ነው፤ ስለዚህ እሷ ላይ ብቻ ባላክ ነውር ነው።

ማሙሽ ምን እንደሆነ ቤታችን ውስጥ ስም ነበረው። ሾተላይ። የእህቴ የመጀመሪያ ልጅ ሴት ናት፤ ጤነኛ፣ ጎበዝ። ሁለተኛው ቢጫ ሆኖ ተወልዶ በሁለተኛው ቀን ሞተ፤ ስም እንኳ ሳይወጣለት። ሦስተኛው ማሙሽ ነው። እሱም ቢጫ ሆነ። ሾተላይ ያለባት ሴት ልጅ አይበረክትላትም ይባላል። ለእማዬ ነገሩ ግልጽ ነበር፤ ሾተላዩ ሁለተኛውን ወሰደ፣ ሦስተኛውን ደግሞ መውሰድ ሲያቅተው ውስጡ ተቀመጠ።

ማስረጃም ነበራት። ይህን የምጽፈው ላላግጥባት አይደለም። ማስረጃዋ ኋላ ትልቅ ነገር ሆኖ ስለተገኘ ነው። አንደኛ፣ ግድግዳው ላይ ከፍ ብሎ የተሰቀለውን የእመቤታችንን ሥዕል ማሙሽ አያይም። አገጩን ይዛ ቀና ብታደርገው እንኳ ዓይኑ ወደ ላይ አይሄድም፤ ጎን ለጎን ይንከራተታል። «አይወዳትም እኮ፣ ውስጡ ያለው» ትላለች። ሁለተኛ፣ ምግብ ሲቀርብለት ወደ ኋላ ይቀስታል፤ ጀርባው እንደ ደጋን ይሆናል። ጸበል ሲረጭም እንደዚያው። ሦስተኛ፣ ሌሊት ይለቀዋል። እንቅልፍ ሲወስደው ያ ሁሉ መጠማዘዝ ይቆምና ሰውነቱ እንደ ማንኛውም ሕፃን ልፍስፍስ ይላል። «ሌሊት ሌላ ቦታ ይሄዳል፣ ጎህ ሲቀድ ይመለሳል።»

እህቴ ምንም አትልም። አራት ዓመት ሙሉ ጥፋቱ የእሷ ነበር። አንዱ እርጉዝ ሳለች እኩለ ቀን ወንዝ ዳር ሄዳ ነው ይላል፤ ሌላው የአባቱ ወገን እርግማን ነው ይላል። ባሏ ይህን ሲሰማ ቆይቶ ሥራ ፍለጋ ሄድኩ ብሎ ወጣ፤ ስልኩ መጀመሪያ አይነሳም ነበር፣ ቀጥሎ አይጠራም።

ሴትዮዋ ወደ እኛ ቤት አልመጣችም። መጀመሪያ የመጣችው ገንደ ሀራ ወደምትኖር አክስታችን ጎረቤት ነው። ማህበረሰብ አቀፍ ተሃድሶ የሚባለው ሥራ ነው ሥራዋ፤ አካል ጉዳት ያለበት ልጅ ወዳለበት ቤት እየሄደች ቤተሰቡን እዚያው ቤቱ ውስጥ ታሠለጥናለች። ሰፈሩ «ሲስተር» ይላታል። «ነርስ አይደለሁም» ብትልም የሚሰማት የለም፤ በመጨረሻ ተወችው። አክስቴ ነች ስለ ማሙሽ የነገረቻት፤ በሹክሹክታ፣ የሌላ ሰው ጉዳይ እንደምታወራ እያስመሰለች።

እኛ ቤት የገባችው ቡና ላይ ነው፣ የአክስቴ ጓደኛ ተብላ። ኦሮምኛና አማርኛ እየቀላቀለች ስለ ሽንኩርት ዋጋ አወራች። ሦስተኛውን ጠጣች፣ መረቀች፣ ሄደች። ስለ ልጅ አንድ ቃል አልጠየቀችም። ጓዳው በር ላይ ዓይኗ አላረፈም፤ እኔ እየጠበቅኩ አይቻለሁ። በሳምንቱ ስትመጣ ያ ድምፅ ከጓዳ ተሰማ። ዝም አለች። እማዬም ዝም አለች። ከዚያ እማዬ ራሷ «የልጄ ልጅ ነው» አለች።

በኋላ ለምን እንዳልጠየቀች ጠየቅኳት። «ከጠየቅኩ ትዋሹኛላችሁ» አለችኝ። «አንዴ ከዋሻችሁኝ ደግሞ ውሸታችሁን ለማዳን ስትሉ በሩን ትዘጉብኛላችሁ።» የጎረቤት ነው የተባለው ትዝ አለኝ።

ማሙሽ ወጣ። እሷ አላነሳችውም። ምንጣፉ ላይ አጠገቡ ተቀመጠች፣ ከእሱ ዝቅ ብላ ማለት ይቻላል። እማዬ ሾተላዩን ተረከችላት፤ ሥዕሉን፣ ቅስቱን፣ ሌሊቱን። እኔ «አይ እማማ፣ ይሄ እምነት ነው፣ በሽታ ነው» እንድትል እየጠበቅኩ ነው። አላለችም። ይልቅ መጠየቅ ጀመረች።

«ሌሊት ሙሉ በሙሉ ነው የሚለቀው እማማ? እጁም?»

«እጁም። ተዘርግቶ ነው የሚያድረው።»

«ሲነቃ ወዲያው ነው የሚይዘው ወይስ ሰው ሲያናግረው?»

እማዬ አሰበች። «ሲነኩት። ድንገት ሲነኩት።»

«ጸበሉ ቀዝቃዛ ነው?»

«ጸበል ምን ይሞቃል ልጄ?»

«ሶደሬ ወስዳችሁት ታውቃላችሁ?»

ወስደነው ነበር። አንዴ፣ ታናሽ ወንድሜ መኪና አግኝቶ። ፍል ውሃው ውስጥ እጁ ተፈታ፤ እህቴ ጣቶቹን አንድ በአንድ ቆጠረችለት። እማዬ ይህን «ፍል ውሃው አስጨነቀው፣ ለቆት ወጣ» ብላ ነበር የያዘችው። ሴትዮዋ ራሷን ነቀነቀች። ደብተርም እስክሪብቶም አላወጣችም። እማዬ ግን እንደ አዋቂ ተጠይቃ ስታበቃ ጀርባዋ ቀና ብሎ ነበር፤ በአራት ዓመት ውስጥ ስለ ልጁ ያየችውን ነገር እንዲህ ጠርዝ ጠርዙን የጠየቃት የለም፤ እኛን ጨምሮ።

አሁን ሳስበው ያ ሁሉ ምልክት ነበር። እማዬ ያየችው በትክክል ነው። የእንዲህ ዓይነት ልጅ ጡንቻ በድንጋጤ፣ በብርድ፣ በድንገት ንክኪ ይገተራል፤ በእንቅልፍ ይላላል፤ ሙቅ ውሃ ውስጥ ይፈታል። ወደ ላይ ማየት አለመቻሉም የዚሁ ጉዳት አካል ነው። ተሳስታ የነበረው ማን እንዳደረገው ላይ ብቻ ነው።

በሁለተኛው ጉብኝት ሥዕሉ ጋ ደረሱ። «እማማ፣ እመቤታችንን ትንሽ ዝቅ ብናደርጋትስ? ለሱ እንድትቀርበው።» ትጠይቅ እንጂ አልነካችውም። እማዬ ራሷ ወንበር ላይ ወጣች፣ ሚስማሩን ከታች መታች፣ ሥዕሉን አወረደች። ሴትዮዋ እህቴን ከኋላው አስቀመጠቻት። እህቴ ማሙሽን ጭኗ መሀል አስገባችው፤ ዳሌው እጥፍ፣ ጉልበቱ እጥፍ፣ ሁለቱ ትከሻዎቹ ወደፊት መጣ ያሉ። እንዲህ ሲታጠፍ ጀርባው መቀሰቱን ይተዋል፤ መገተሩ ከዳሌ ነው የሚጀምረው። ሥዕሉ ከዓይኑ ትንሽ ዝቅ ብሎ ነበር።

አየ። ዝም ብሎ ቆይቶ ቆይቶ አየ። ከዚያ ያን ድምፁን አወጣ፤ እህቴ «ይሄ የደስታው ነው» አለች።

እማዬ አላለቀሰችም። ወንበሩ ላይ እንደቆመች «ቁመቷ ነው እንዴ የከለከለው?» አለች። መልስ የሰጣት የለም።

በየዋህነት ያልታለፈ ነገርም ነበር፤ ያን ካልጻፍኩ ሴትዮዋን እንደ ቅቤ ብቻ አድርጌ አቀርባታለሁ። እማዬ ማክሰኞና ዓርብ ማሙሽን ነጠላ አልብሳ ታጥነው ነበር፣ ፊቱን ጭሱ ላይ አድርጋ። ይህን የሰማች ዕለት ድምፅዋ ተለወጠ። «ይሄ ይቁም እማማ። ዛሬ። ደረቱ አይችልም።» ጸበሉን አልከለከለችም፤ ሙቅ ክፍል ውስጥ፣ ነግረውት፣ ከእጁ ጀምረው ቀስ ብለው እንዲያደርጉት ብቻ ጠየቀች። ክታቡንም አልነካችውም፤ ክሩ አንገቱን እንዳያንቀው እጁ ላይ እንዲሆን አስለወጠች። ጭሱ ላይ ግን ድርድር የለም። እማዬ ለሁለት ሳምንት አኮረፈቻት። ቡና ቀርቦ እንኳ እህቴ ናት የቀዳችላት። እሷ መምጣቷን አላቆመችም።

ደረቱን ያነሳችበት ምክንያት ነበራት። ማሙሽ በየሁለት ወሩ የሳንባ ምች እየታመመ ጤና ጣቢያ እንመላለስ ነበር። «ሲበላ አሳዩኝ» አለች። እማዬ እንደ ወትሮው ጭኗ ላይ አጋደመችው፣ ራሱ ወደ ኋላ ዘንበል፤ ቀጭን አጥሚት በትልቅ ማንኪያ ከላይ ታንቆረቁርለታለች። አሳለው፣ ዓይኑ እንባ ሞላ፣ ትንፋሹ እንደሚፈላ ውሃ ገር ገር አለ። እኛ ይህን በቀን ሦስቴ አራት ዓመት አይተነዋል። ምግብ እምቢ እያለ ነው፣ ያ ነገር እየከለከለው ነው ብለን።

እያነቅነው ነበር። አንገት ወደ ኋላ ሲሄድ የአየር መንገዱ ይከፈታል፤ ቀጭን ነገር ደግሞ ልጁ ለመዋጥ ሳይዘጋጅ ይንሸራተትና ወደ ሳንባ ይገባል። ሴትዮዋ ግን «እያነቃችሁት ነው» አላለችም። «ይሄን ልጅ አራት ዓመት እንዲህ አብልታችሁ ማኖራችሁ ቀላል አይደለም» አለችና ወደ ሥራው ገባች። የልብስ ማጠቢያ ሳፋ አስመጣች። ጋቢ ጠቅልላ ከኋላውና ከግራ ቀኙ ወተፈች፤ ሌላ ጥቅል ከጉልበቱ ሥር። ቀጥ ብሎ ተቀመጠ፣ አገጩ ትንሽ ወደ ደረቱ። አጥሚቱ ከማንኪያ ላይ ቀስ ብሎ እስኪወርድ ድረስ ወፈረ። ማንኪያው የሻይ ማንኪያ ሆነ። ከፊት ለፊት፣ ከአገጩ በታች ይመጣለታል፤ ምላሱን ጫን ያደርግና ይወጣል። እስኪውጥ ይጠበቃል። ከበላ በኋላ ግማሽ ሰዓት አይጋደምም።

የመጀመሪያው ቀን ብዙም አልበላም፤ እማዬ «በረሃብ ልትገድሉት ነው» ብላ ተቆጣች። ሦስት ሳምንት ያህል ፈጀ። ያ ገር ገር የሚለው ትንፋሽ ግን ከመጀመሪያው ሳምንት ቀነሰ፤ ለውጡን ያየነው በዚያ ነው። በዚያ ክረምት አንዴ ብቻ ታመመ።

ወደ ቃሉ ልመለስ፤ ወደ ሾተላይ። በአምስተኛው ይሁን በስድስተኛው ጉብኝት እህቴን «የወሊድ ካርድሽ አለ?» አለቻት። በፌስታል ተጠቅልሎ ከሳጥን ወጣ። የመጀመሪያዋ ልጅ ጊዜ የተሰጠው ነው። ጣቷን አንድ ቦታ አሳረፈች። የደም ዓይነት፦ ኦ፣ ከዚያ ቀጥሎ አንዲት ትንሽ ሰረዝ። ኦ ኔጌቲቭ።

«እማማ ሾተላይ ያሉት እውነት ነው» አለች። «ሐኪም ቤትም ስሙ ይሄው ነው።»

እውነቷን ነው፤ ፋርማሲ ገብቶ «የሾተላይ መርፌ አለ?» ብሎ መጠየቅ ይቻላል፤ ወዲያው ይገባቸዋል። የእናት ደም ኔጌቲቭ፣ የፅንሱ ፖዘቲቭ ሲሆን በመጀመሪያው ወሊድ የልጁ ደም ትንሽ ወደ እናት ይቀላቀላል። የእናት ሰውነት እንግዳ መጣብኝ ብሎ መከላከያ ይሠራል። የመጀመሪያው ልጅ ቀድሞ ተወልዷልና አይነካም። የሚቀጥለውን ግን ያ መከላከያ በማህፀን ያገኘዋል፣ ደሙን ይሰብርበታል። ከተሰበረው ደም ቢጫው ነገር ይወጣል። በጣም ሲበዛ አንጎል ውስጥ ይገባና እንቅስቃሴን፣ ዓይንን፣ ጆሮን የሚያዝዘውን ክፍል ይጎዳል። በመጀመሪያዋ ወሊድ በ72 ሰዓት ውስጥ አንቲ ዲ የሚባለው መርፌ ተወግቶ ቢሆን ይህ ሁሉ ባብዛኛው አይመጣም ነበር። ካርዱ ላይ ሰረዟ ተጽፋለች። ምን ማለት እንደሆነች የነገራት የለም።

ማሙሽ በተወለደ ማግስት ጧት ቢጫ ነበር። በመጀመሪያው 24 ሰዓት የሚመጣ ቢጫነት ሁሌም አደጋ ነው። እኛ «ፀሐይ አሙቁት» ተባልን፤ አሞቅነው፤ የአዳማ ፀሐይ መቼ ይጠፋል! ጡት እየተወ፣ እየደከመ ሄደ። በሦስተኛው ቀን ጀርባው ሲቀስትና ለቅሶው ሲቀጥን ወደ ሆስፒታል ወሰድነው። ሰማያዊው መብራት ሥር አስገቡት። ሐኪሙ ደሙ ቀድሞ መቀየር ነበረበት አለን። ስለ ቀጣዩ ነገር የነገረን አልነበረም፣ ወይም ነግሮን አልሰማነውም።

እህቴ ካርዱን ይዛ ብዙ ቆየች። «ወንዝ ዳር ስለሄድኩ አይደለም?» አለች። አራት ዓመት ይህን ጥያቄ ስትሸከም እኔ እዚያው ቤት ነበርኩ።

ሴትዮዋም ትሳሳታለች። ለእማዬ ለማስረዳት ብላ «ፖዘቲቭ የመስቀል ምልክት አለው፣ ኔጌቲቭ ሰረዝ ብቻ ነው» አለቻት። እማዬ ፊቷ ጠቆረ። «ልጄ መስቀል የላትም ማለት ነው?» ሴትዮዋ አፏን ያዘች። «አይ እማማ፣ ይቅርታ። የሒሳብ ምልክት ነው። አላወቅኩበትም።» እማዬ ለጥቂት ቀን በዚህ ስትብሰለሰል ከረመች፤ ጎረቤት ሄዳ ማስታወቋም አልቀረም። ያንን ለማስተካከል ከአንድ ጉብኝት በላይ ወሰደ፤ በመጨረሻ ሴትዮዋ የራሷን ካርድ አምጥታ አሳየቻት። እሷም ሰረዝ ነበረች።

ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «አንቺስ ደምሽ?»

እኔ አላውቅም። የአንድ እናትና አባት ልጆች ነን። የደም ዓይነት በዘር ነው የሚመጣው። ስለዚህ «ዘር» የሚለው ፍርሃት ከምንም የተነሳ አልነበረም፤ የሚወረሰው ግን ሰረዟ እንጂ የማሙሽ ጉዳት አይደለም። ተመረመርኩ። ኔጌቲቭ። ያን ለሊት ያሰብኩት ስለ ማሙሽ አልነበረም፣ ስለ ሽማግሌዎቹ ነው። የጎረቤት ነው ብለናቸዋል።

ለእጮኛዬ የነገርኩት ባጃጅ ውስጥ ነው፣ ከፖስታ ቤት ወደ ቤት ስንመለስ፤ ሾፌሩ እንዳይሰማ ድምፄን ዝቅ አድርጌ። ሬዲዮኑን ሳይቀር ነገርኩት። ዝም አለ። ወርደን ከሄድን በኋላ «ታዲያ ልጁን መቼ ነው የማየው?» አለ። እናቱ ግን እስከ ዛሬ ቅር ይላታል፤ እኛ ቤት ስትመጣ ማሙሽን «ምስኪን» ብላ ታልፈዋለች፣ እጁን አትነካም። ሴትዮዋ አንዴ አናግራት ነበር፤ አልሆነም። «ሁሉም ቤት አይከፈትም» አለችኝ። አልመከረችኝም፣ አልገፋችኝም።

የእኔ ልጅ በእርግዝናዬ 28ኛ ሳምንት አንድ መርፌ፣ በተወለደች በማግስቱ ሌላ መርፌ ተወግቼባታል። መርፌው ውድ ነው፤ ሁሌም አይገኝም፤ ባለቤቴ ሦስት ፋርማሲ ዞሯል። ለእህቴ ግን አሁን አይሠራም። ደሟ አንዴ ተቆጥቷል፤ መከላከያው ከተሠራ በኋላ መርፌው አይመልሰውም። እንደገና ካረገዘች ከመጀመሪያው ወር ጀምሮ ትልቅ ሆስፒታል ክትትል ያስፈልጋታል። ይህንን ስትሰማ «ለኔ ዘግይቷል፣ ላንቺ ደርሷል» አለች። ቅናት ይሁን ደስታ መለየት አልቻልኩም። ምናልባት ሁለቱም።

ማሙሽ አሁን ሰባት ዓመቱ ነው። አይራመድም፤ ይራመዳል ያለንም የለም። ጆሮው ተመርምሮ ጉዳት ተገኘበት፤ ልጁ እምቢተኛ አልነበረም፣ አይሰማም ነበር። ወሬያችንን ግን በዓይኑ ይከተላል፤ ሥዕል ያለበት ሰሌዳ ላይ በዓይኑ ውሃ ወይም ፀሐይ ብሎ ይመርጣል። ፀሐይ ሲመርጥ እህቴ ከነሳፋው ጎትታ ደጅ ታወጣዋለች። የሰፈር ልጆች ሳፋውን ባጃጅ ብለውታል።

እማዬ ሾተላይ ማለቷን አልተወችም። ክታቡም እጁ ላይ አለ። ባለፈው ቅዳሜ ቡና ላይ አዲስ የገባች ጎረቤት መጣች፤ የስድስት ወር እርጉዝ። እማዬ ሲኒውን ከማቀበሏ በፊት «ካርድሽን ይዘሽ ነይ» አለቻት። ልጅቷ ቤቷ ሄዳ አመጣች። እማዬ ማንበብ አትችልም። ካርዱን ገልብጣ ያዘችው፣ እኔ አቀናሁላት። ጣቷ መስመሩን ፈልጎ አገኘው። ወደ ብርሃኑ አስጠግታ፣ ዓይኗን አጥብባ፣ ከፊደሉ ቀጥሎ ያለችውን ምልክት አየች።

«ሰረዝ ናት» አለች። «ተነሺ፣ ከልጄ ጋር ትሄጃለሽ።»

ቡናው ገና ሁለተኛው ነበር።